ውሉ ቀን ሳይጠቅስ ሲቀር፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜን ቆጥሮ በመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ የመጻፍ ዝርዝር መመሪያ

ሥራ መልቀቅ ፈልገው ከሚቸገሩ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ደብዳቤያቸው የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው መቼ እንደሆነ አይናገርም። ውሉ «በቂ ጊዜ አስቀድሞ ያሳውቃል» ይላል፤ ሠራተኛውም «በቅርቡ ስለምለቅ» ብሎ ይጽፋል፤ አሠሪው ደግሞ ጊዜውን እንደፈለገ ይጎትተዋል። ከዚያ በኋላ ክሊራንስ ይዘገያል፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይሰጥም፣ አዲሱ ቀጣሪም መጠበቅ ይሰለቸዋል።

ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱ። ለማሳያ አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንከተላለን። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል በሒሳብ ክፍል ሦስት ዓመት የሠራች ሴት እንበል። ደመወዟ በወር 9,000 ብር ነው። ውሏ ላይ ያለው ቃል «ሠራተኛው ሥራ ለመልቀቅ ሲፈልግ በቂ ጊዜ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት» የሚል ብቻ ነው። አዲሱ ሥራዋ ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጀምራል። የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ የዓመቱን ትልቅ ገበያ የሚያገኙት በጥምቀት ሰሞን ነው። ስለዚህ ቀኑ ላይ ክርክር መነሳቱ አይቀርም።

## ደረጃ 1፦ የትኛው ሕግ እንደሚመለከታችሁ ለዩ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ ነው። የግል ሆቴል፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ፋብሪካ፣ ሱቅ፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ አብዛኞቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ።

ሦስት ዓይነት ሰዎች ግን እዚህ ላይ ቆም ይበሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ በዚህ አዋጅ አንቀጽ ደብዳቤ አትጻፉ። የፌዴራል ተቋም ሠራተኛ የፌዴራሉን፣ የክልል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የክልሉን ሕግ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጠይቆ ይመልከት።

የሥራ መሪ ከሆናችሁ፣ ማለትም የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የመሳሰለው ሥልጣን በእጃችሁ ካለ፣ አዋጁ እናንተን አይሸፍንም። «ማናጀር» የሚል መጠሪያ ብቻውን ግን የሥራ መሪ አያደርግም። የሆቴል «ሺፍት ማናጀር» ሆኖ የማንንም ቅጥር የማይወስን ሰው ሠራተኛ ነው። የሚታየው በእጃችሁ ያለው ሥልጣን ነው።

በሙከራ ጊዜ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አይጠበቅባችሁም። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የተደረገ መሆን አለበት፤ ከፍተኛው ርዝመቱም 60 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን ስለሆነ እሑድና በዓል አይቆጠርበትም። እንዲያም ሆኖ አንዲት መስመር ደብዳቤ ጽፋችሁ ውጡ፤ ካልሆነ «ጠፍቶ ቀረ» መባል ይመጣል።

## ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹን ሰብስቡ

ደብዳቤውን ከመንካታችሁ በፊት የሥራ ውሉን ቅጂ፣ የድርጅቱን የሥራ ደንብ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱን፣ የቅጥር ደብዳቤውን፣ እንዲሁም በኋላ የመጡ የደመወዝ ጭማሪና የዝውውር ደብዳቤዎችን በአንድ ላይ አድርጉ። ውሉ ዝም ያለበትን ነገር የሥራ ደንቡ ብዙ ጊዜ ይናገራል፤ ሰው ግን ደንቡን ሳያይ ይጽፋል።

የውሉ ቅጂ በእጃችሁ ከሌለ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ነገር ግን «ልለቅ ነው» ብላችሁ አትጠይቁ። ለባንክ ብድር ወይም ለግል ማኅደር ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ካልሰጧችሁም አትጨነቁ፤ ቅጂ የሌለው ሠራተኛ ስሌቱን በሕጉ ላይ ያቆማል።

ሥልጠና ወስዳችሁ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብላችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ካለ ለብቻው አውጡት። እሱ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጉዳይ አይደለም። 30 ቀን ብትሰጡም የሥልጠናው ግዴታ በራሱ መንገድ ይጠየቃችኋል። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አታደባልቁ።

## ደረጃ 3፦ ውሉ ምን ዓይነት ግልጽ ያልሆነ እንደሆነ እወቁ

የአዋጁ አንቀጽ 31 እንዲህ ያለ ነው፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ውሉ ሲደበዝዝ መመለሻችሁ ይህ ነው። ድብዝዝነቱ ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ የእናንተን ለዩት።

ውሉ ምንም አይልም፤ ወይም «በሕጉ መሠረት» ይላል። ቀላሉ ይህ ነው፤ 30 ቀን።

«በቂ ጊዜ»፣ «ተገቢ ጊዜ»፣ «አስቀድሞ» ይላል። ቁጥር የሌለው ቃል ነው። ቁጥሩን ሕጉ ስለሚሰጥ አሁንም 30 ቀን። «በቂ» የተባለው ለእኛ ሁለት ወር ነው ቢሏችሁ፣ የት እንደተጻፈ እንዲያሳዩ ጠይቁ።

«ምትክ እስኪገኝ» ይላል። ይህ ጊዜ አይደለም፤ ማለቂያ የለውም። አሠሪው ባይፈልግ ምትኩ በጭራሽ አይገኝም። ውል ከአዋጁ ለሠራተኛው የባሰ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ስለማይችል 30 ቀን ብላችሁ ጻፉ፤ ርክክቡን ግን በደንብ አዘጋጁ።

«በአንቀጽ 35 መሠረት» ይላል፤ ወይም ሰው እንዲያ ይነግራችኋል። ወጥመዱ እዚህ ነው፤ የሰው ኃይል ባለሙያዎችም ሲሳሳቱበት ይታያል። አንቀጽ 35 ላይ ያለው ሠንጠረዥ መሰል ዝርዝር፣ ማለትም እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር የሚለው፣ አሠሪው ሠራተኛን ሲያሰናብት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ሠራተኛው በራሱ ሲለቅ አገልግሎቱ ሦስት ዓመትም ይሁን አሥራ ሦስት ጊዜው ያው 30 ቀን ነው። የሆቴሏ ሠራተኛ «ሦስት ዓመት ስለሠራሽ ሁለት ወር አለብሽ» ብትባል መልሷ ይህ ነው።

«አንድ ወር» ይላል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይታወቅም። ውሉ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንጆቹ ቀን የተጻፈ ከሆነ ክርክሩ እውነተኛ ነው። ወደ ቀን ለውጡትና በደረጃ 4 እንደሚታየው ቁጠሩ።

ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ነው። የፕሮጀክት ሠራተኞች ልብ በሉ። በእንዲህ ያለ ውል የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ተዋዋዮቹ ራሳቸው እንዲስማሙበት አዋጁ ይተዋል። ስለዚህ ውሉ በግልጽ «45 ቀን» ካለ ያንኑ አክብሩ። ግልጽ ቁጥር ከሌለው 30 ቀን ብላችሁ ጻፉ፤ በዚያው ደብዳቤ ላይ ድርጅቱ በቀኑ መስማማቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቃችሁ ጠይቁ። ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የአሠሪው ፊርማ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ውሉና የሥራ ደንቡ የተለያየ ቁጥር ከያዙ፣ ለምሳሌ ውሉ 15 ቀን፣ ደንቡ 30 ቀን ካለ፣ ለሠራተኛው የሚሻለውን መያዝ ትችላላችሁ። እኔ ግን በአሥራ አምስት ቀን ምክንያት የመጨረሻ ክፍያዬን አደጋ ላይ አልጥልም፤ አዲሱ ሥራ ካላጣደፈኝ 30ውን እሰጣለሁ።

## ደረጃ 4፦ ቀኑን ቁጠሩ

ካላንደር አውጡ፤ በጭንቅላት አትቁጠሩ።

1. የማስረከቢያ ቀኑን ወስኑ። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ሳይሆን አሠሪው እጅ ከገባበት ቀን ነው።

2. መነሻውን አግኙ። አዋጁ የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚጀምረው ደብዳቤው በአግባቡ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው ይላል። የሰጣችሁበት ቀን ራሱ አይቆጠርም።

3. ከመነሻው ጀምራችሁ 30 ቀን ቁጠሩ፤ እሑድም በዓልም ሳይዘለል። ብዙ አሠሪዎች «ሠላሳ የሥራ ቀን ነው» ይላሉ። አዋጁ የሥራ ቀን ሲፈልግ «የሥራ ቀን» ብሎ ይጽፋል፤ ለሙከራ ጊዜና ለመጨረሻ ክፍያ እንዲያ አድርጓል። አንቀጽ 31 ላይ ግን ያለው ቀን ብቻ ነው። የሥራ ቀን የሚጠቅመው መነሻውን ለማግኘት ብቻ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ይቀላል። ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ፣ 30ኛው ቀን በሚቀጥለው ወር ከመነሻው አንድ ቀን ያነሰው ነው። መነሻው ታኅሣሥ 13 ከሆነ ማብቂያው ጥር 12 ነው።

ይህ አቋራጭ የሚፈርሰው ጳጉሜን መሐል ስትገባ ነው። መነሻው ነሐሴ 11 ከሆነ እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 20 ቀን አለ፤ አምስት የጳጉሜን ቀኖች ሲጨመሩ 25፤ የቀሩት አምስት ከመስከረም ስለሚወሰዱ ማብቂያው መስከረም 5 ነው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት መስከረም 4 ይሆናል። «አንድ ወር» በሚለው ልማድ የሚቆጥር አሠሪ መስከረም 10 እንደሚል ጠብቁ። ለዚህ ነው ነሐሴ ውስጥ የሚለቅ ሰው ሁልጊዜ «30 ቀን» ብሎ መጻፍ ያለበት።

### የሆቴሏ ሠራተኛ ስሌት

ደብዳቤውን ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ልትሰጥ አስባለች። የሒሳብ ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው የሚሠራው፤ ሆቴሉ ግን ቅዳሜም እሑድም ክፍት ነው። ቀጣዩ የሥራ ቀን የቱ ነው?

የሆቴሉን ሥራ ካየን ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ነው፤ ያኔ ማብቂያው ጥር 10፣ እሑድ፣ የከተራ ዕለት ይሆናል። የእሷን የሥራ ቀን ካየን መነሻው ሰኞ ታኅሣሥ 13፣ ማብቂያውም ማክሰኞ ጥር 12 ነው። ሦስተኛም አለ። ባለቤቱ በፈረንጆቹ «አንድ ወር» ብለው ከቆጠሩ ከዲሴምበር 19 እስከ ጃንዋሪ 19፣ ማለትም ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት ላይ ይወድቃል።

ሦስት አቆጣጠር፣ ሦስት የተለያየ ቀን። እዚህ ላይ ያለው ደንብ ቀላል ነው፦ አሳማኝ ከሆኑት አቆጣጠሮች መካከል የመጨረሻውን ቀን ያዙ። ልዩነቱ ሁለት ቀን ነው፤ ለሁለቱም ቀን ደመወዝ ይከፈላችኋል። ቀድማችሁ ወጥታችሁ «ማስጠንቀቂያው አልሞላም» ከመባል ይሻላል። ስለዚህ ጥር 12 ትጽፋለች። ቀኑ ጎንደር ላይ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፤ ታቦተ ሚካኤል ወደ መንበሩ የሚመለስበት። ግማሹ ከተማ መንገድ ላይ ስለሚሆን ርክክቡን ለዚያ ቀን ማቆየት ሞኝነት ነው። ርክክብ ከከተራ በፊት፣ እስከ ዓርብ ጥር 8 ቢያልቅ ጥሩ ነው። እሷም ብትሆን በዓሉ ቀኑን አያራዝምላትም፤ የገናም የጥምቀትም ዕለት ከ30ው ውስጥ ተቆጥረዋል።

### ወደ ኋላም ቁጠሩ

አዲሱ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ካለ ከዚያ ተነስታችሁ የመጨረሻዋን የማስረከቢያ ቀን አውጡ። ሥራው ሰኞ ጥር 18 ከጀመረ ማስጠንቀቂያው እስከ እሑድ ጥር 17 ማለቅ አለበት። ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ብታስገባ መነሻው ዓርብ 17፣ ማብቂያው ቅዳሜ ጥር 16 ነው፤ ይደርሳል። ዓርብ ታኅሣሥ 17 ብታስገባ ግን መነሻው ወደ ሰኞ 20 ይዘልና ማብቂያው ጥር 19 ይሆናል። የአንድ ቀን መዘግየት ሦስት ቀን በላ ማለት ነው። ዓርብ ከሰዓት ደብዳቤ ማስገባት የማልመክረው ለዚህ ነው።

አዲሱ ቀጣሪ ፊርማውን ሳያሳርፍ ግን ምንም አታስገቡ። ያስገባችሁትን ማስጠንቀቂያ መልሳችሁ ልትስቡ የምትችሉት አሠሪው ከፈቀደ ብቻ ነው ብላችሁ አስቡ።

## ደረጃ 5፦ ደብዳቤውን ጻፉ

አዋጁ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲገልጽ ይጠይቃል። «በግል ምክንያት» የሚለው አጭር ቃል ይበቃል። በደመወዝ ማነስ ወይም በአለቃ ጭቅጭቅ ላይ ገጽ አትሙሉ፤ የሥራ ልምድ የሚጽፍላችሁ ያው ሰው ነው።

ትልቁ ስህተት ደብዳቤውን እንደ ልመና መጻፍ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ማመልከቻ «እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ስለሚጨርስ እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። «እንዲፈቀድልኝ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አሠሪው «አልፈቀድኩም» ብሎ ይመልሳል፤ ጊዜውም መቆጠር አለመጀመሩን ይከራከራል። ማስጠንቀቂያ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያሳውቃል። ትሕትናውን በምስጋናው መስመር ላይ አድርጉት።

የሆቴሏ ሠራተኛ ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

> ቀን፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለ፦ __________ ሆቴል
> ጎንደር
>
> ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ለማቋረጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይመለከታል
>
> በሆቴሉ በሒሳብ ሠራተኛነት ከ__________ ጀምሮ በማገልገል ላይ እገኛለሁ። በግል ምክንያት ሥራዬን የምለቅ ስለሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ።
>
> የሥራ ውሌ «በቂ ጊዜ» ከማለት በቀር የቀን ቁጥር ስላልጠቀሰ ጊዜውን ያሰላሁት በአዋጁ መሠረት ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ከሰኞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጠራል። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2026 ነው።
>
> እስከዚያ ቀን መደበኛ ሥራዬን እየሠራሁ እቆያለሁ። በእጄ ያሉትን ሰነዶችና ንብረቶች የሚረከበኝ ሰው እስከ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲመደብልኝ፣ ሥራዬን ስጨርስም የመጨረሻ ክፍያዬና የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
>
> እስከ ዛሬ ለተደረገልኝ መልካም ትብብር አመሰግናለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ
>
> ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር

ቀኑ ከነዕለቱ ስሙና በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ያደረግሁት ለጌጥ አይደለም። «ጥር 12» ብቻ ቢጻፍ በስሌት የሚሳሳት ሰው አለ፤ «ማክሰኞ» ሲጨመርበት ስህተቱ ወዲያው ይታያል። «ከጥር 12 ጀምሮ» ብላችሁም አትጻፉ፤ ያ ዕለት ትሠሩበታላችሁ ወይስ አትሠሩበትም? «የመጨረሻ የሥራ ቀኔ» የሚለው ቃል ለክርክር በር አይከፍትም።

አሠሪው «በቂ ጊዜ» የሚለውን ቃል ከረሳው አስታውሼ ለምን አነሳሳዋለሁ የሚል ሰው ይኖራል። ያን ዓረፍተ ነገር መተው ይቻላል። እኔ ግን አስቀምጠዋለሁ፤ ኋላ ቢጣሉ ሠራተኛዋ ውሉን አንብባ፣ አስባ እንዳሰላች ያሳይላታል።

## ደረጃ 6፦ አስረክባችሁ ማስረጃ ያዙ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትሙ። በአሠሪው ወይም በወኪሉ እጅ ስጡ፤ ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ አስገቡ። መዝገብ ቤት ካለ ሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ሰው «ታኅሣሥ 10 ቀን ተቀብያለሁ» ብሎ ስሙን ጽፎ ይፈርም። በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ መላክ ተጨማሪ ማስረጃ ይሁን እንጂ ብቸኛው መንገድ አይሁን።

በእጃችሁ የቀረችውን ቅጂ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቤት ውሰዷት።

የተቀበሉበት ቀን ከጻፋችሁት ከተለየ ደብዳቤውን እንደገና አትሙ። ባለቤቱ ዓርብ አልተገኙም፣ ሰኞ ታኅሣሥ 13 ነው የፈረሙት እንበል። መነሻው ማክሰኞ 14፣ ማብቂያው ረቡዕ ጥር 13 ይሆናል። አሮጌውን ቀን በእስክሪብቶ ሰርዞ ማስተካከል ሁለቱንም ወገን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል።

## ደረጃ 7፦ ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ

«አልቀበልም» ካሉ። አትጨቃጨቁ፤ ደብዳቤውንም ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትውጡ። በዚያው ቀን ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። ስትሰጡ የነበሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦችን ስምም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ። የአደራ ደብዳቤው መድረሻ ቀን ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁን በጥቂት ቀን ገፋ አድርጋችሁ ጻፉ።

«ጥምቀት ሳያልፍማ የት ትሄጃለሽ?» ካሉ። ከጎንደር የሆቴል ባለቤት የሚጠበቅ ጥያቄ ነው፤ ክፋትም የለበትም። መልሱ በረጋ ቃል ይሁን፦ «ጋሼ፣ ደብዳቤዬ ላይ እንዳሰፈርኩት እስከ ጥር 12 አለሁ፤ ጥምቀቱን አብሬዎት ነኝ። ከዚያ በላይ ግን ቃል የገባሁበት ሥራ አለ።» ተጨማሪ ቀናት ልትሰጧቸው ብትወዱ አዲስ የመጨረሻ ቀን የያዘ አጭር ስምምነት በጽሑፍ አድርጉና ሁለታችሁም ፈርሙ። በቃል «እሺ ትንሽ እቆያለሁ» ያለ ሰው የማስጠንቀቂያውን ማብቂያ በራሱ አፍ አጠፋው ማለት ነው።

«ዛሬውኑ ውጪ» ካሉ። በማስጠንቀቂያው ጊዜ የሁለቱም ወገን ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል፤ እናንተም ትሠራላችሁ፣ እነሱም ይከፍላሉ። ስለዚህ ቃሉን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ በማግስቱ በመደበኛ ሰዓታችሁ ሄዳችሁ ለሥራ ዝግጁ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ አስገቡ። ዝም ብላችሁ ቤት ከቀራችሁ ታሪኩ ተገልብጦ «ማስጠንቀቂያዋን ሳትጨርስ ጠፋች» ይሆናል።

የዓመት ፈቃድ ቀርቶኝ ማስጠንቀቂያው ላይ ላካክሰው ብትሉ። በጽሑፍ ካልተፈቀደላችሁ አታድርጉት። ያልተወሰደ ፈቃድ ውሉ ሲቋረጥ በገንዘብ ይከፈላል፤ አይጠፋም።

30 ቀኑን መሙላት በፍጹም ካልቻላችሁ። መጀመሪያ አሠሪው ቀኑን እንዲያሳጥርላችሁ ጠይቁና ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ካልፈቀደ አዋጁ ማስጠንቀቂያውን ያላከበረ ሠራተኛ ካሳ እንዲከፍል ያደርጋል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ለሆቴሏ ሠራተኛ ጣሪያው 9,000 ብር ነው። «የሦስት ወር ደመወዝ ትከፍያለሽ» የሚል ዛቻ ከዚህ ጣሪያ በላይ ስለሆነ አትደንግጡ። የሥራ ልምድ ማስረጃን መያዣ ማድረግም አይፈቀድም፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ርዝመትና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት አለበት።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት ሁኔታም አለ። አሠሪው ክብራችሁን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር ከፈጸመባችሁ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰባችሁ፣ ደኅንነታችሁን የሚያሰጋ አደጋ ተነግሮት ምንም ካላደረገ፣ ወይም እንደ ደመወዝ መክፈል ያለውን ዋና ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ፣ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል። ያኔም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። መብቱ የሚቆየው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በኋላ 15 የሥራ ቀን ብቻ ስለሆነ «ትንሽ ልታገሥ» እያሉ ማሳለፍ ያስቀጣል። ያ ጊዜ ካለፈ ወደ 30 ቀኑ ትመለሳላችሁ።

## ደረጃ 8፦ ከመጨረሻው ቀን በኋላ

ርክክቡን በዝርዝር ወረቀት አድርጉ፤ ቁልፍ፣ ደረሰኝ ጥራዝ፣ የካዝና ቀሪ ገንዘብ፣ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ሳይቀር ተቆጥሮ ሁለቱም ይፈርሙበት። ይህ የሚጠቅመው ለክሊራንስ ብቻ አይደለም። አሠሪው የመጨረሻ ክፍያን በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ ግን ይህ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ያልተፈረመ ርክክብ ለማዘግየት ጥሩ ሰበብ ነው።

የሆቴሏ ሠራተኛ ጥር 12 ጨርሳለች። ከረቡዕ ጥር 13 ጀምሮ የክፍሏን የሥራ ቀን ስንቆጥር ሰባተኛው ቀን ሐሙስ ጥር 21 ነው። እስከዚያ ካልተከፈላት ጥር 22 ላይ የጽሑፍ ጥያቄ ታስገባለች፤ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋ ቅጂና ከርክክብ ሰነዱ ጋር። መልስ ካጣች በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚከታተለው መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ትሄዳለች። የሚከራከሩበት ሒሳብ ካለም ያልተካደው ክፍል መከፈል አለበት፤ «ሁሉም ሲጣራ» ተብሎ በሙሉ አይያዝም።

ከውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። የእሷ ስድስት ወር የሚቆጠረው ከጥር 12 ስለሆነ ከሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በፊት ክሷን ማስገባት አለባት፤ «ነገ ነይ» የሚል ምላሽ እየተቀበለች ያንን ቀን እንዳታሳልፈው።